«በሳምንት 8 ሰዓት ይተርፋል» ለሚለው ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

«ለዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ደብረ ብርሃን። ጉዳዩ፦ ተደጋጋሚ ልጥፎችን በቦት ስለማውጣት።

በየቀኑ ሦስት ጊዜ በቴሌግራምና በፌስቡክ እንለጥፋለን፤ ጠዋት የእህል ዋጋ፣ ቀን የግብዓት ማስታወቂያ፣ ማታ የሥራ ሰዓትና የአባልነት መዋጮ ማሳሰቢያ። እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ስለሚፈጅ በሳምንት 6 ቀን ሲሰላ 9 ሰዓት ይሆናል። ሥራው በቦት ቢሠራ 8 ሰዓት ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ሰው ሲደክመው ይሳሳታል፤ ቦቱ ግን ከኤክሴሉ ያለውን እንዳለ ስለሚያወጣ ስህተት አይኖርም። ሦስተኛ፣ በዓል ቢሆን፣ መብራት ቢጠፋ፣ ልጥፉ በሰዓቱ ይወጣል። አራተኛ፣ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ ቶክን ብቻ ሲሆን ፕሮግራሙም ቶክኑም በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። ዝግጅቱ በ2 የሥራ ቀን ያልቃል። የሚተርፈውን ጊዜ ለአባላት ጥያቄ መልስ ለመስጠት እጠቀምበታለሁ።»

ይህን ደብዳቤ የጻፉትን ባለሙያ በአካል አላውቃቸውም። ደብዳቤው ግን በሰሜን ሸዋ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ባለን ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ቀይረው ለየአለቆቻቸው ያስገቡም አሉ። ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ለአለቃው የጻፈው ደብዳቤ የራሱ ጉዳይ ነበር፤ ናሙና ሆኖ ሲባዛ ግን ስሌቱም ስህተቱም አብሮ ይባዛል።

ከሁሉ በፊት ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልናገር። አንድን ማሳሰቢያ በየማታው እንደገና መጻፍ አሰልቺ ነው፤ ሰው እንዲሠራው የሚያስገድድ ምክንያትም የለም። ለአለቃ በቁጥር አስደግፎ ማቅረባቸውም ያስመሰግናል፤ ብዙዎቻችን «ሥራ በዝቶብኛል» ከማለት አናልፍም። ቦት ይቅር የሚል አቋምም የለኝም። ቅሬታዬ ሦስቱን ልጥፎች አንድ ዓይነት አድርገው መቁጠራቸው ላይ ነው፤ የቀረው ስህተት ሁሉ ከዚያ ይመነጫል።

የጊዜ ስሌቱን እንመልከት። የጠዋቱ የእህል ዋጋ 30 ደቂቃ ይፈጃል ሲባል ደቂቃው የሚያልቀው የት ነው? ይህን ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ለእነዋሪ ይደወላል፣ ከዚያ ለደነባ፣ ከዚያ ለሰላ ድንጋይና ለመሐል ሜዳ። የመሠረታዊ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ስልክ ካላነሣ ለመጋዘን ጠባቂው ይደወላል። ከመሐል ሜዳ «ገብስ 5 ሺ 4 መቶ» ይባላል፤ «የቢራው ነው የምግቡ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ የሁለቱ ዋጋ አይገናኝምና። ከእነዋሪ የጤፍ ዋጋ ሲመጣ ነጭ ይሁን ሰርገኛ ይጣራል። ከዚያ ሰንጠረዡ ይሞላል፣ ኃላፊው ያየዋል፣ በመጨረሻ ይለጠፋል። ከ30ው ደቂቃ መለጠፉ፣ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ተደምሮ፣ ቢበዛ 6 ደቂቃ ቢሆን ነው። ቦቱ የሚተካው ይህን 6 ደቂቃ ብቻ ነው። ለእነዋሪ አይደውልም።

የቀኑ የግብዓት ማስታወቂያማ ተደጋጋሚ ሥራም አይደለም። ዩሪያ ገባ፣ አልገባም፤ ተራው የየትኛው ቀበሌ ነው፤ ምርጥ ዘር አለቀ ወይስ ቀረ፤ ይህ በየቀኑ አዲስ ነገር ነው። እዚህም የሚተርፈው የመላኪያው 4 ደቂቃ ነው እንበል። በእውነት የሚተርፍ ጊዜ ያለው የማታው ማሳሰቢያ ላይ ነው፤ ይዘቱ ስለማይለወጥ ከ30ው 25 ደቂቃ ይተርፋል።

ስንደምረው 6 እና 4 እና 25፣ በቀን 35 ደቂቃ ይሆናል። በ6 ቀን 210 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ተኩል። ቦቱ ያወጣውን በየቀኑ ከፍቶ ማየት ቢያንስ 5 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት 30 ደቂቃ። ሰንጠረዡን ማስተካከል፣ የተበላሸውን መጠገን፣ ጽሑፉን ማደስ በሳምንት 40 ደቂቃ ይፈጃል ብንል የተጣራው ትርፍ 140 ደቂቃ ነው፤ 2 ሰዓት ከ20። በ8 ሰዓት ፈንታ ይህ ነው። የዝግጅቱ 2 የሥራ ቀን 16 ሰዓት ስለሆነ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 7 ሳምንት ገደማ ያስፈልጋል።

እነዚህ የእኔ ደቂቃዎች ግምት ናቸው፤ የእሳቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ያሰበ ሰው በቅድሚያ አንድ ሳምንት ሰዓት ይዞ ይለካ፤ ለመደወል፣ ለማጣራት፣ ለመጻፍ፣ ለማስፈቀድና ለመለጠፍ የሄደውን ጊዜ ለየብቻ ይመዝግብ። 8 ሰዓት ቃል ተገብቶለት 2 ሰዓት ያገኘ ሥራ አስኪያጅ ሁለተኛ የቴክኖሎጂ ጥያቄ አይሰማም፤ ጉዳቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ይነካል።

ደግሞ አንድ የታለፈ ነገር አለ። ከ35ቱ ደቂቃ 25ቱን ለማግኘት ቦትም ፕሮግራምም አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጽፎ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ ቢቆይ ቀንና ሰዓት መቁረጫ ይመጣለታል። በአንድ ቻናል እስከ 100 መልእክት አስቀድሞ ማሰለፍ ይቻላል። መልእክቱ የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልኩ ቢጠፋም በሰዓቱ ይወጣል። ለፌስቡክ ገጽም በሜታ ቢዝነስ ስዊት ተመሳሳይ ማሰለፊያ አለ። የወሩን የማታ ማሳሰቢያ በአንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ማሰለፍ ይቻላል ማለት ነው። ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያሻም፤ ዛሬ መጀመር ይቻላል።

«ስህተት አይኖርም» ወደሚለው ልምጣ። ደብዳቤው ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ሰው ሲጽፍ ቁጥር ያዛባል፤ እውነት ነው። ቦት የተሰጠውን ቁጥር አያዛባም፤ ይህም እውነት ነው። ግን የተሰጠው ቁጥር ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ?

አንድ ጠዋት እንውሰድ። ዓርብ ዕለት ኔትወርክ ተቋርጦ ከእነዋሪ ዋጋ አልመጣም፤ በኤክሴሉ ላይ ያለው የሐሙስ ነው። ሰው ቢሆን የሚለጥፈው ያቆማል፤ ወይም «የእነዋሪ ዋጋ አልደረሰንም» ብሎ ይጽፋል። ቦቱ ግን የመጨረሻውን መስመር አንብብ ተብሎ ስለታዘዘ የሐሙሱን ዋጋ የዓርብን ቀን ለጥፎበት ያወጣዋል። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ያንን አይቶ አይሱዙ ተከራይቶ ጤፉን ይጭናል። ደርሶ ዋጋው ወርዶ ቢያገኘው የጭነቱን ኪራይ ማን ይከፍለዋል? ልጥፉ ላይ የፊደል ግድፈት አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ያማረ ልጥፍን ማንም ደግሞ አያየውም።

ሌላው ዜሮ ነው። 5,400 ለመጻፍ 540 ቢጻፍ፣ ወይም የኩንታሉ አምድ ላይ የኪሎ ዋጋ ቢገባ፣ ሰው ገና ሲያየው ይደነግጣል። ቦት አይደነግጥም፤ እንዲደነግጥ ካልታዘዘ በስተቀር። ማዘዙ ግን ከባድ አይደለም፤ ደብዳቤው ስለዚህ አንድ ቃል አለማንሣቱ ነው የሚያስገርመኝ። በፓይተን ቢጻፍ ዋናው ሐሳብ ይህን ይመስላል፦

```python
if row_date != today:
    hold("old date")
elif abs(new - old) > 0.15 * old:
    hold("price jump")
else:
    send(text)
```

የመጀመሪያው ጥያቄ የመስመሩ ቀን የዛሬ ነው ወይ ይላል፤ ካልሆነ ልጥፉ ይያዛል። ሁለተኛው ዋጋው ከትናንቱ ከ15 በመቶ በላይ ወጥቶ ወይም ወርዶ እንደሆነ ያያል፤ ከሆነ ሰው እስኪያየው ይጠብቃል። 15 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የራስን ያለፈ ዓመት መዝገብ አይቶ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ እህል ሲገባ ዋጋ በቀን ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ተመልክቶ መወሰን ነው። በጣም ጠባብ ከተደረገ ቦቱ በየቀኑ እየያዘ ያስቸግራል፤ ሠራተኛውም ሳያነብ «እሺ» ማለት ይለምዳል። በጣም ሰፊ ከሆነ ምንም አይይዝም።

ይህ ማጣሪያ ግን «ገብስ» የሚለው የቢራው ይሁን የምግቡ አይለይም፤ የሁለቱ ልዩነት ከ15 በመቶ በታች በሆነበት ቀን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሰንጠረዡ ላይ ሁለት የተለያዩ አምዶች ማድረግና ስልክ የሚደውለው ሰው መጠየቁን እንዳይተው ማድረግ ነው።

«በሰዓቱ ይወጣል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ከራሱ ከደብዳቤው ጋር ይጋጫል። ፕሮግራሙ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም ይጠፋል፤ ልጥፉም አይወጣም። እንዲወጣ ከተፈለገ ሰርቨር መከራየት ያስፈልጋል፤ ወጪው በደብዳቤው ውስጥ የለም።

ሰርቨር ሲመጣ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ይመጣል። አብዛኛው የኪራይ ሰርቨር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ የእኛ ሰዓት ከእሱ በ3 ይቀድማል። በዚያ ላይ እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት ይውጣ» የተባለ ሰው ዝም ብሎ 2 ቢጽፍ ልጥፉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን ከብርድ ልብስ ሳያስወጣ ማለት ነው። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
0 5 * * 1-6
```

በዩቲሲ 5 ሰዓት ማለት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ 1-6 ደግሞ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ይህ አንዴ ከተስተካከለ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የቀን መቁጠሪያው ነው። «በየወሩ መጀመሪያ የመዋጮ ማሳሰቢያ» ተብሎ ቢታዘዝ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ኦክቶበር 1 ላይ የሚወጣው ማሳሰቢያ በእኛ መስከረም 21 ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ዓመት በኋላ ደግሞ መስከረም 20። ገበሬው «ወሩ ሊያልቅ ነው ወይስ ገና ጀመረ?» ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው የዓመቱን ቀኖች በእጅ ቆጥሮ ዝርዝር አድርጎ መስጠት ነው፤ የ12 ወር 12 ቀን መጻፍ ቀላል ነው።

በዓላትም እንዲሁ። ገናና ጥምቀት ቀናቸው ይታወቃል፤ ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ተቆጥሮ አስቀድሞ ይገኛል። ዒድ ግን የጨረቃ ነገር ስለሆነ በመጨረሻዋ ሌሊት የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያሉ ሙስሊም አባላት ገና ጾም ላይ ሆነው የዩኒየኑ ቻናል «እንኳን ለዒድ አል ፈጥር በዓል አደረሳችሁ» ቢላቸው ምን ይሰማቸዋል? የዒድ መልእክት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ የሚልከው ግን ሰው ይሁን።

ቀን ያልተቆረጠለት ነገርም አለ። በሐምሌ 2016 በጎፋ የመሬት መንሸራተት ከደረሰ በኋላ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን «መልካም ቅዳሜ፣ መልካም ገበያ» የሚል በፈገግታ ምልክት ያሸበረቀ ልጥፍ በራሱ ጊዜ ብቅ ቢል ተጠያቂው ቦቱ አይደለም። የተሰለፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማቆም የሚችል ሰው መኖሩና እንዴት እንደሚያቆም ማወቁ የዕቅዱ አካል መሆን ነበረበት።

የግብዓቱን ማስታወቂያ በተመለከተ ደግሞ አቋሜ የማያሻማ ነው፤ በቦት አይሁን። ጠዋት «ዩሪያ አለ» ተብሎ የተሰለፈ መልእክት መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ቀን 8 ሰዓት ላይ ደግሞ ቢወጣ፣ ከሞላሌ ተነሥቶ የመጣ ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል። የመኪና ክፍያው፣ የዋለበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ በማኅበሩ ላይ ያለው እምነት ይጎዳል። 4 ደቂቃ ለመቆጠብ ይህን መድፈር ምን ይባላል?

የመጨረሻው የስጋት ነጥብ ነው። «አንድ ቶክን ብቻ» የሚለው አባባል ቶክን ቀላል ነገር ያስመስለዋል። የቴሌግራም ቦት ቶክን ማለት የቁልፍ ያህል ነው፤ ያንን ረጅም የፊደልና የቁጥር መስመር የያዘ ሰው ሁሉ፣ ከየትም ሆኖ፣ ያለ ተጨማሪ የይለፍ ቃል፣ በዩኒየኑ ቻናል ላይ በዩኒየኑ ስም መለጠፍ ይችላል። «የዘንድሮ የአባልነት መዋጮ በዚህ አዲስ ሒሳብ ቁጥር ይግባ» የሚል አንድ ልጥፍ በቂ ነው። መዋጮ ማሳሰብ የለመደ ቻናል ላይ ደግሞ ማንም አይጠራጠርም።

ስለዚህ ቦቱ የቻናሉ አስተዳዳሪ ሲደረግ መልእክት የመለጠፍ ፈቃድ ብቻ ይሰጠው፤ ሌላ አስተዳዳሪ የመጨመር ፈቃድ ይከልከል። ቶክኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ በፍላሽ አይዙር። ወጥቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ቦቶች የሚፈጠሩበትና የሚተዳደሩበት የቴሌግራም ቦት `@BotFather` ጋር ገብቶ `/revoke` ማለት የድሮውን ወዲያው ይሽረዋል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የቦቱ ባለቤት የሆነው የቴሌግራም አካውንት ነው። አካውንቱ የሠራተኛው የግል ስልክ ከሆነና ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ ዩኒየኑ የራሱን ቦት መዝጋት ያቅተዋል፤ ከቻናሉ ማባረር ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ቦቱ መፈጠር ያለበት በመሥሪያ ቤቱ ሲም ካርድ በተከፈተ አካውንት ነው። «በእኔ ኮምፒውተር» የሚለው ሐረግ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ አለቃ ሆኜ ባነበው ግን እዚያ ላይ ነው የማቆመው።

የፌስቡኩ ችግር ከዚህ ይለያል። ለገጹ የሚያገለግለው ቶክን ያወጣው ሰው የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ይሞታል። ፕሮግራሙ ስህተት ይመዘግባል፤ መዝገቡን ካላዩት ግን ምንም ምልክት የለም። ቴሌግራሙ ይወጣል፣ ፌስቡኩ ዝም ይላል፣ ማንም ሳያውቅ ሳምንት ያልፋል። ከላይ በየቀኑ 5 ደቂቃ ለማየት ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፤ ያም የሚታየው ከአስተዳዳሪው ስልክ ሳይሆን እንደ ተራ ተከታይ ሆኖ ገጹን በመክፈት ነው።

የተረፈውን ጊዜ ለአባላት ጥያቄ ማዋል የሚለውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ዋጋ በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው ጥያቄ የሚጎርፈው፤ «ባቄላስ?»፣ «እርጥበቱ ስንት ሲሆን ነው?»፣ «ቅዳሜ ትረከባላችሁ?»። ስለዚህ ልጥፉ የሚወጣበት ሰዓት መልስ የሚሰጥ ሰው ወንበሩ ላይ ካለበት ሰዓት ጋር ይግጠም።

ደብዳቤውን ለማስገባት ያሰባችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ብታስገቡት ደስ ይለኛል፤ ግን እንዲህ አድርጋችሁ። የማታውን ማሳሰቢያ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቴሌግራሙ ማሰለፊያ እናውጣ በሉ። ለእህል ዋጋው ቦቱ ረቂቁን አዘጋጅቶ ለአንድ ሰው ይላክለት፤ ያ ሰው ካላጸደቀው አይውጣ፤ ለአንድ ወር እንሞክረው በሉ። የግብዓት ማስታወቂያ በሰው እንደሚቀጥል ጻፉ። ቦቱ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ቁጥር እንደሚከፈት፣ ማቆሚያውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስማቸው ጥቀሱ፤ አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ሌላው ቢሮ እንዲኖር። በጊዜ ቁጠባው ቦታ ላይ ደግሞ ለክታችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር አስገቡ፤ 2 ሰዓት ከሆነ 2 ሰዓት ብላችሁ።